ከ«እርስዎ» መውረድ፣ ከ«አንተ» መውጣት፦ ለውጭ አገር አቅራቢ ስለሚጻፍ የመጀመሪያ ደብዳቤ

ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመመለሴ በፊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቡና ማሽን መለዋወጫ በሚያስመጣ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ለሁለት ዓመት የውጭ ደብዳቤዎችን እጽፍ ነበር። ዛሬ የተግባራዊ ሥነ ልሳን ተማሪ ሆኜ ስለ አክብሮት ተውላጠ ስሞች ሳነብ፣ አእምሮዬ ደጋግሞ የሚመለሰው በዚያ ቢሮ ወደ ነበረ አንድ ፋይል ነው። ፋይሉ ውስጥ በሰሜን ጣሊያን ለሚገኝ ለአንድ አነስተኛ አምራች ድርጅት በወራት ልዩነት የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች አሉ። ሦስቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። የመጀመሪያው መልስ አላገኘም። ሁለተኛው ፈጥኖ መልስ ቢያገኝም ዕቃው አልመጣም። ሦስተኛው ዕቃውን አመጣ።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ ከእነዚህ ሦስት ደብዳቤዎች የተነሣ ነው። ለማናውቀው አቅራቢ ስንጽፍ «መደበኛ እንሁን ወይስ ወዳጃዊ?» ብለን የምንጠይቀው፣ ነገሩ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ስለሚመስለን ነው። እኔ ግን የአጻጻፍ ደረጃ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የሚሠራው ዋና ሥራ ጠባያችንን መግለጥ አይመስለኝም። ተቀባዩ እኛን ከየትኛው የገዢ ዓይነት ጋር እንደሚመድበን ይወስናል። አንዴ ከተመደብን በኋላ ደግሞ ምድቡን ማስለወጥ ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ነበር ልግለጽ። የቡና ማሽን ላይ መያዣው የሚገጠምበት ራስ በተለምዶ ግሩፕ ይባላል፤ በውስጡም ውኃው በጎን እንዳይፈስ የሚያግድ ክብ ጎማ አለ። ጎማው በሙቀት ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጎማው ማለቁ የሚታወቀው ቡናው በመያዣው ዙሪያ መንጠባጠብ ሲጀምር፣ ወይም መያዣው ከተለመደው ቦታው አልፎ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። በብዙ የጣሊያን ማሽኖች ላይ የሚገጠመው ጎማ የውጭ ስፋቱ 73 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ 57 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ውፍረቱ ግን 8 ወይም 8.5 ሊሆን ይችላል። ይህች የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት መያዣው ጠብቆ መቆሙን ወይም አለመቆሙን ትወስናለች። ደንበኛችን የነበሩት በፒያሳ አካባቢ ቡና ቤት ያላቸው አንዲት ሴት፣ ባለ ሁለት ግሩፕ ማሽናቸው በአንድ ግሩፕ ብቻ እየሠራ ስለ ነበር ጎማውንና የቦይለሩን ማሞቂያ በአስቸኳይ ይፈልጉ ነበር።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የማውቀው የደብዳቤ ሥርዓት የመሥሪያ ቤቶቻችን ነበር፤ «ጉዳዩ፦» ተብሎ የሚጀምረው፣ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደ ተሞከረው» የሚለው፣ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ብሎ የሚዘጋው። ይህ ሥርዓት በአገሩ የራሱ ጥበብ አለው፤ አመልካቹ ቦታውን እንደሚያውቅ ለባለሥልጣኑ ይነግራል። እኔም ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ አሻገርሁት። ለተከበረው ድርጅት የከበረ ሰላምታ አቀረብሁ፤ በዓለም የታወቀ ዝናቸውን አወደስሁ፤ በእነርሱ ዘንድ ደንበኛ ለመሆን ያለንን ታላቅ ጉጉት ገለጽሁ፤ ውድ ጊዜያቸውን ስለ ተሻማሁ ይቅርታ ጠየቅሁ። የምንፈልገው ዕቃ የተጠቀሰው በአራተኛው አንቀጽ ላይ፣ «ልዩ ልዩ መለዋወጫዎች» በሚል ስም ነበር።

መልስ አልመጣም። ዝምታ ምክንያቱን እንደማይናገር አውቃለሁ። የጣሊያን ፋብሪካዎች በነሐሴ አጋማሽ ለእረፍት ስለሚዘጉ ብዙ ደብዳቤ በዚያ ወቅት ሳይነበብ ይቀራል፤ የእኔ ግን የተላከው በጥቅምት ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ የድርጅቱ የውጭ ሽያጭ ክፍል ሠራተኛ ከሆነች ሴት ጋር በስልክ ስንነጋገር ደብዳቤውን ማንበቧን ነገረችኝ። «የውርስ ገንዘብ ልናካፍልህ እንፈልጋለን ከሚሉት አንዱ መሰለኝ» አለችኝ። በወቅቱ አፈርሁ፤ ኋላ ሳስበው ግን ፍርዷ ትክክል ነበር። የማያውቁትን ሰው ገንዘብ ለመውሰድ የሚጻፉ የማጭበርበሪያ ደብዳቤዎች ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁት በዚሁ ነው፦ በተጋነነ ሰላምታ፣ ባልተጠየቀ ውዳሴና በደበዘዘ ጉዳይ። እኔ ትሕትና ብዬ የላክሁትን እርሷ በየቀኑ ከምትሰርዘው ጋር መደበችው።

በዚህ ላይ መደበኛነትና ትሕትና የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። መደበኛ ደብዳቤ በጸሐፊውና በአንባቢው መካከል ያለውን ርቀት ይጠብቃል፤ ራሱን ዝቅ ማድረግ ግን አይጠበቅበትም። በአማርኛ ሁለቱ ተጣብቀው የሚሄዱ ስለሚመስለን ርቀቱን ለመጠበቅ ስንል ዝቅ እንላለን። ሻጭ ደግሞ ዝቅ ያለ ገዢ ሲያይ ክብር እንደ ተሰጠው ከመቁጠሩ በፊት፣ «ይህ ሰው የሚገዛው ነገር ካለው ለምን ይለምነኛል?» ብሎ ይጠረጥራል።

ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፈው የሥራ ባልደረባዬ ነው። የእኔ ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ፌዝ ቢጤ አድርጎ፣ «ጣሊያኖች እንደዚህ አይወዱም፣ ወዳጅ መሆን ነው» አለኝ። ከድርጅቱ ገጽ ላይ «አንድሬያ» የሚል ስም አገኘ። በመጀመሪያ «ሚስ አንድሬያ» ብሎ ሊጽፍ ነበር፤ በጣሊያን አንድሬያ የወንድ ስም መሆኑን ያወቅነው በዕድል ነው፤ ሲሞኔና ኒኮላም እንዲሁ የወንድ ስሞች ናቸው። ከዚያም «ቻው አንድሬያ!» ብሎ ጀመረ፤ የማሽኑን ፎቶግራፍ አያይዞ «ይህ ጎማ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ቻው» ለእኛ ባዕድ ቃል አይደለም። ከጣሊያንኛ ወስደን የስንብት ቃል አድርገነዋል፤ ለእኩያም ለታላቅም እንለዋለን፤ «ቻው ጋሼ» ማለት የሚያስነውር አይደለም። በጣሊያንኛ ግን ሲገናኙም ሲለያዩም የሚባል ሲሆን፣ የሚባለውም «ቱ» ለሚሉት ሰው፣ ማለት አንተ ወይም አንቺ ለሚሉት ነው። «ሌይ» ለሚሉት፣ እኛ «እርስዎ» እንደምንለው ላለ ሰው፣ «ቦንጆርኖ» ወይም በደብዳቤ «ጀንቲሌ» ይባላል። የሚያስገርመው፣ ቻው ራሱ የወጣው «ባሪያዎ ነኝ» ከሚል የቬኔሲያ አነጋገር ነው። የመጨረሻው የትሕትና ቃል በአጠቃቀም ብዛት ተልጦ የመጨረሻው የቅርርብ ቃል ሆነ። እኔ ከጫፍ የጀመርሁትን ባልደረባዬ ከሌላው ጫፍ እንደ ጀመረው ማለት ነው።

መልሱ በማግስቱ መጣ፤ እሱም «ቻው» ብሎ ይጀምራል። ባልደረባዬ ደስ አለው። መልሱን ሳነበው ግን አንድሬያ ያሰበው ቤቱ ውስጥ የቡና ማሽን ላለው ግለሰብ እንደሚመልስ ነበር። ወደ ችርቻሮ መሸጫ ገጻቸው መራን፤ የአንድ ጎማ ዋጋ በችርቻሮ ተሰጠን፤ በካርድ እንድንከፍልና ዕቃው በፖስታ መልእክተኛ ወደ ቤት እንደሚላክልን ተነገረን። እኛ የምንፈልገው 200 ጎማና 10 ማሞቂያ ነበር። ከዚህም በላይ እንደ አስመጪ በካርድ ልንከፍል አንችልም። ባንካችን የውጭ ምንዛሪ ለመፍቀድ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ይጠይቃል፤ እሱም በአቅራቢው አርማ ላይ የታተመ፣ የተፈረመ፣ የድርጅታችንን ስም በንግድ ፈቃዳችን ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል የያዘ፣ የዕቃውን ዝርዝር፣ የማስረከቢያውን ቦታ፣ የክፍያውን መንገድና ዋጋው የሚጸናበትን ቀን የሚገልጽ መሆን አለበት።

ስለዚህ ከ«ቻው» በኋላ በሁለተኛው መልእክታችን ማኅተም፣ ፊርማና የሰነድ ክፍያ መጠየቅ ግድ ሆነብን። የአንድሬያ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር አጠረ፤ ስሙ ከነአባት ስሙ መጣ፤ የድርጅታችን ምዝገባ ማስረጃ ተጠየቀ፤ ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ይሁን ተባለ። አልፈርድበትም። ትናንት እንደ ጎረቤት ያናገረው ሰው ዛሬ ኮስተር ብሎ የተፈረመ ወረቀት ሲጠይቀው፣ «መጀመሪያስ ማን ነበር?» ማለቱ የሚጠበቅ ነው። መልእክቱ ወደ አስተዳደር ተመራ፤ ከዚያ ወዲህ ሳምንታት አለፉ። የፒያሳዋ ደንበኛችን ያገለገለ መለዋወጫ ከሌላ ሰው ገዙ፤ ከዚያ በኋላም ወደ እኛ አልተመለሱም።

በዚህ ስፍራ ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት ይረዳናል። ሁለቱ ምሁራን በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች «አንተ»ና «እርስዎ» የሚባባሉትን ሰዎች ግንኙነት የሚገዙት ሥልጣንና ቅርርብ መሆናቸውን አሳይተዋል። ለእኔ ጥያቄ የሚጠቅመው አንዲት ንዑስ ነጥባቸው ናት፦ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» እንለፍ ብሎ ግብዣውን የማቅረብ መብት ያለው በዕድሜም ሆነ በማዕረግ ብልጫ ያለው ወገን ነው። በገበያ ቋንቋ ገዢ ንጉሥ ነው ይባላል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ግን ገዢነታችን ገና አልተረጋገጠም፤ በሩቅ አገር ያለን፣ መጠናችን ያልታወቀ፣ ስማችን ያልተሰማ ጠያቂዎች ነን። ስለዚህ ግብዣው የአቅራቢው ነው፤ ባልደረባዬ ያደረገው ያልተጋበዘበትን ወንበር ስቦ መቀመጥ ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ክብደት የምሰጠው ግን የሁለቱ መንገዶች እኩል አለመሆን ነው። ከመደበኛ ወደ ወዳጃዊ መውረድ ሁልጊዜ ይቻላል፤ እንዲያውም እንደ ስጦታ ይቆጠራል። ከወዳጃዊ ወደ መደበኛ መውጣት ግን እንደ ቅጣት ይነበባል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ለዓመታት «አንተ» ያለን ወዳጅ አንድ ቀን «እርስዎ» ካለን ወይ እያሾፈ ነው፣ ወይ ተቀይሟል። የውጭ ንግድ ደግሞ፣ በተለይ የእኛ፣ መውጣትን ግድ የሚል ጊዜ አለው፤ ፕሮፎርማው፣ የባንክ ሰነዱና የጎደለ ዕቃ አቤቱታው ሁሉ በመደበኛ ቋንቋ የሚጻፉ ናቸው። መጨረሻው ወደዚያ መሆኑ ከታወቀ ከታች መጀመር ዳገቱን በገዛ እጅ መሥራት ነው።

እንግሊዝኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ስለማይለይ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ አልጠፋም፤ ወደ ሰላምታው፣ ወደ መዝጊያው፣ ወደ ስሙ አጠራርና ወደ ቃለ አጋኖው ተሰዷል። ጣሊያናዊው አንባቢ የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ ሲያነብ «ሌይ» ነው ወይስ «ቱ» ብሎ በውስጡ ይተረጉመዋል፤ እኛም በአማርኛ እንደምናደርገው። በሁለታችን መካከል ያለው እንግሊዝኛ የማንኛችንም ቤት አይደለምና፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን የቤት ሥርዓት ይዘን እንገባበታለን።

ሦስተኛውን ደብዳቤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ እንደገና እኔ ጻፍሁት፤ የላክሁትም ለአንድሬያ ሳይሆን ለውጭ ሽያጭ ክፍሉ አድራሻ ነው። ጉዳዩ በርዕሱ ላይ ተጽፏል፦ የ200 የግሩፕ ጎማና የ10 ማሞቂያ ዋጋ ጥያቄ፣ አዲስ አበባ። ሰላምታው ጾታ የማይለይ፣ ለክፍሉ የቀረበ፣ አንድ መስመር ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደ ሆንን ይናገራል፦ የቡና ማሽን መለዋወጫ ለቡና ቤቶችና ለጥገና ባለሙያዎች የምናቀርብ አስመጪ ድርጅት ነን። ሁለተኛው የምንፈልገውን በልክ ይገልጻል፦ ጎማ 73 በ57 በ8.5 ሚሊ ሜትር፣ ማሞቂያ ለ220 ቮልት፣ የማሽኑ ሞዴልና ከመለያ ሰሌዳው የተገለበጠ ተከታታይ ቁጥር። ሦስተኛው ዋጋው በፋብሪካው በር ይሁን ወይስ እስከ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ፣ ሁለቱንም እንዲሰጡን ይጠይቃል። አራተኛው ባንካችን የተፈረመ ፕሮፎርማ እንደሚፈልግና የድርጅታችን ስም እንዴት መጻፍ እንዳለበት ይነግራል። ከዚያ ምስጋና፣ ሙሉ ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ስልክ። ውዳሴም ይቅርታም የለውም፤ ቃለ አጋኖም እንዲሁ።

ለአንዳንድ አንባቢ ይህ ደብዳቤ ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔም በጊዜው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳየው ግን በውስጡ ያለው አክብሮት ከመጀመሪያው ደብዳቤ ይበልጣል። ተቀባይዋ መልሳ መጠየቅ የሚኖርባትን ሁሉ አስቀድሞ ነግሯታል። 8.5 የሚለው ቁጥር፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው እንደሚጽፍ ከማንኛውም የማዕረግ ቃል በላይ ይመሰክራል። የባንኩን ግዴታ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ማስፈሩም ጥያቄው በኋላ እንደ ድንገተኛ ጥርጣሬ እንዳይነበብ አድርጓል።

መልሱ በአራተኛው ቀን ከነዋጋው ዝርዝር መጣ። አንድ ስሕተት ብቻ ነበረበት፤ «ሚስተር» ተብዬ በአባቴ ስም ተጠራሁ። የእኛ ስም የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ ጾታውንም ለባዕድ አይናገርም። ጣሊያንኛ ደግሞ ሰላምታውን ያለ ጾታ በምቾት መጻፍ አይችልም። ከዚያ ወዲህ በፊርማዬ ላይ «ሚስ» የሚለውን ከመጠሪያ ስሜ ጋር አስቀድሜ እጽፋለሁ። የእኛ «አቶ አበበ» ማለትም በተቃራኒው እንዲሁ ያሳስታል፤ «ሚስተር አንድሬያ» ስንል ለእነርሱ ግማሹ መደበኛ፣ ግማሹ የቤት ጥሪ ይሆንባቸዋል።

የተነሣሁበት ሐሳብ ወሰን እንዳለው መግለጽ ይገባኛል። ማስረጃዬ የአንድ ቢሮ ፋይል ነው፤ በሦስቱ ደብዳቤዎች መካከልም የተለወጠው የአጻጻፍ ደረጃ ብቻ እንዳልሆነ አልክድም፤ ተቀባዩም ይዘቱም ተለውጠዋል። በተጨማሪም ሁሉም አገር ጣሊያን አይደለም። ከቻይና የንግድ ወኪሎች ጋር በስልክ መልእክት ስንጻጻፍ «ውድ ወዳጄ» የሚለው ሰላምታ ከመጀመሪያው ቀን የተለመደ ነው፤ ቅርርብን ሳይሆን ሥራ መጀመሩን ያመለክታል። የኔዘርላንድ ወይም የስዊድን ሻጭ ደግሞ በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ሊፈርም ይችላል። በእነዚህ ዘንድ መደበኛ ጀምሮ በሁለተኛው መልእክት መውረድ የሚያስከፍለው አንድ መልእክት ብቻ ነው። በተቃራኒው ተሳስቶ መገኘት የሚያስከፍለውን ግን ፋይላችን ውስጥ አይቻለሁ።

ስለ ሥልጠናው አንድ ነገር ልጨምር። በኮሌጅ የተማርሁት የንግድ ደብዳቤ አጻጻፍ ስለ ትሕትና ቃላት ብዙ ሲነግረኝ፣ የዕቃን ልክ ከየት እንደማነብና በየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደማስቀምጥ አላስተማረኝም። ተማሪው የመሥሪያ ቤት ማመልከቻን ወደ እንግሊዝኛ እንዲያሻግር ከሚደረግ ይልቅ፣ አንዱን ጥያቄ ለሦስት ልዩ ልዩ ተቀባዮች ጽፎ በየትኛው የገዢ ምድብ እንደሚያስገባው እንዲከራከርበት ቢደረግ የሚሻል ይመስለኛል።

ከሽያጭ ክፍሏ ሠራተኛ ጋር መጻጻፋችን ቀጠለ። በአራተኛው ደብዳቤዋ ላይ በመጀመሪያ ስሟ ብቻ ፈረመች፤ እኔም በሚቀጥለው በመጠሪያ ስሜ ብቻ ፈረምሁ። በስምንተኛው መጨረሻ ላይ «ቻው» ብላ ጻፈች። በዚያው ቃል መለስሁላት፤ የዚያን ሳምንት ፕሮፎርማ የጠየቅሁበትን ደብዳቤ ግን ለብቻው፣ በቀድሞው አጻጻፍ፣ ለድርጅቱ ላክሁት፤ እሱን የባንክ ሠራተኞች ያነቡታልና።